ለመቶ አረንጓዴ ስንት ሰማያዊ?

ጀማሪዎች ከሚያነሷቸው የኦሪዮን ፎቶዎች በብዙዎቹ ውስጥ ቀላ ያለው ቤተልጌውዝም ሆነ ሰማያዊ ቃና ያለው ሪጌል ነጭ ነጥብ ሆነው ይወጣሉ። ካሜራው ቀለም መለየት አቅቶት አይደለም። የኮከቡ ብርሃን በጥቂት ፒክስሎች ላይ ስለተከማቸ ፒክስሎቹ ሞልተዋል፤ የሞላ ፒክስል ደግሞ ከዚያ በላይ አይቆጥርም። አረንጓዴውም ሰማያዊውም ጣሪያ ከነኩ፣ የኮከቡን ሙቀት ሊነግረን ይችል የነበረው ልዩነት እዚያው ጠፍቷል።

የምንፈልገው ይህንኑ ልዩነት ነው። ቀጥቃጭ ብረቱን ከምድጃ ሲያወጣ ቀይ ነው፣ ብርቱካናማ ነው ወይስ ወደ ነጭ ሄዷል ብሎ በዐይኑ ይለካል። ኮከብም እንደዚያው ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ከሚያወጣው ብርሃን ውስጥ የሰማያዊው ድርሻ ከፍ ይላል። ስለዚህ ጥያቄው ኮከቡ ምን ያህል ደማቅ ነው የሚል አይደለም፤ ካሜራው አንድ መቶ አረንጓዴ ሲቆጥር ስንት ሰማያዊ ቆጠረ የሚል ነው። ቀዩን ቻናል እኔ አልጠቀምበትም፤ ከሴንሰሩ ፊት ያለው ማጣሪያ ቀዩን ጫፍ ስለሚቆርጠውና አቆራረጡም ከካሜራ ካሜራ ስለሚለያይ።

መጋለጡ ሲረዝም ፒክስሎቹ የባሰ አይሞሉም ወይ? ካሜራው ሰማዩን በሚከተል መሣሪያ ላይ ከተሰካ፣ አዎ፣ ይሞላሉ። ካሜራው በቆመ ትሪፖድ ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሰማዩ በየሰከንዱ 15 የቅስት ሰከንድ ስለሚዞር ኮከቡ በሴንሰሩ ላይ መስመር እየሠራ ይጓዛል። በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስና 6 ማይክሮን ስፋት ባላቸው ፒክስሎች ቢሰላ፣ አንዱን ፒክስል አልፎ ለመሄድ የሚፈጅበት ጊዜ ከ3 ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። ሹተሩ ሁለት ደቂቃም ሆነ አሥር ደቂቃ ተከፍቶ ቢቆይ እያንዳንዱ ፒክስል ከኮከቡ የሚያገኘው ያንኑ ያህል ነው። የሚረዝመው መስመሩ ነው፤ የሚደምቀው ደግሞ ከጀርባ ያለው ሰማይ ብቻ። እኔ ሁለት ደቂቃ ይበቃኛል እላለሁ፤ ሠላሳ ፒክስል የሚያልፍ መስመር ይሰጣል።

ያም ሆኖ ለደማቅ ኮከብ ሦስት ሰከንድም ብዙ ነው። መፍትሔው ፎከሱን ሆን ብሎ ማበላሸት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ዴቪድ ማሊን ኦሪዮን ሲያልፍ ፎከሱን ደረጃ በደረጃ እየለወጠ ያነሳው ፎቶ በዚህ ይታወቃል፤ መስመሮቹ እየሰፉ ሲሄዱ ቀለማቸው ወለል ብሎ ይወጣል። ለመለካት ግን መስመሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ስፋት ቢኖረው ይሻላል። f/4፣ ISO 100፣ ፎከሱ መስመሩ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ፒክስል እስኪሰፋ ድረስ የላላ፣ ፋይሉም RAW እንጂ JPEG ያልሆነ። JPEG የብርሃኑን ልክ አጣምሞ ስለሚያስቀምጥ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የአዲስ አበባ ሰው በዚህ ሥራ ዕድለኛ ነው። አድማስ አካባቢ አየሩ ሰማያዊውን ስለሚበትን ኮከብ ሁሉ ከሙቀቱ የቀዘቀዘ ይመስላል፤ ከ9 ዲግሪ ሰሜን ሲታይ ግን ኦሪዮን በአናት በኩል ያልፋል። በጥር መጀመሪያ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ፣ ሪጌል፣ አልደባራን፣ ፕሮሲዮንና ፖሉክስ ሁሉም ከ55 ዲግሪ በላይ ከፍ ብለው በአንድ የ24 ሚሊ ሜትር ፍሬም ይገባሉ። ድምቀታቸውም ስለሚቀራረብ አንዱ ሲሞላ ሌላው አይጠፋም። ሲሪየስን ተውት፤ ከእነሱ በጣም ስለሚደምቅ ፍሬሙን ያበላሻል።

አሁን ፖሉክስን ሙቀቱ እንዳልታወቀ ኮከብ እንቁጠረውና እንለካው። ፋይሉን እንደ Siril ባለ ፕሮግራም ከፍተን አረንጓዴና ሰማያዊ ፒክስሎችን እንለያያለን። በእያንዳንዱ ቻናል በመስመሩ ላይ ያለውን ሁሉ እንደምራለን፤ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ካለው ባዶ ሰማይ ያንኑ ስፋት ወስደን እንቀንሳለን። የከተማው መብራትና ካሜራው ራሱ የሚጨምረው መነሻ ቁጥር በዚህ ይወጣሉ። ለመቶ አረንጓዴ ሪጌል 85፣ ፕሮሲዮን 66፣ ፖሉክስ 48፣ አልደባራን 36 ሰማያዊ ሰጡ እንበል። የእናንተ ካሜራ ሌላ ቁጥር ይሰጣል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም።

እነዚህን ወደ ከዋክብት ካታሎግ ቋንቋ ለመመለስ መጀመሪያ ሎጋሪዝም፣ በመጨረሻም ስፔናዊው ባየስቴሮስ በ2012 ያወጣው ቀመር ያስፈልገናል፦

```
c = -2.5 * log10(B/G)
T = 4600 * (1/(0.92*x + 1.7) + 1/(0.92*x + 0.62))
```

x ካታሎጎች B-V የሚሉት የቀለም መለኪያ ነው። የፕሮሲዮን 0.42፣ የአልደባራን 1.54 ነው። የእኛ c ለፕሮሲዮን 0.45፣ ለአልደባራን 1.11 ይሆናል። በእነዚህ ሁለት ነጥቦች ቀጥታ መስመር ብናሰምርና የፖሉክስን 0.80 ብናስገባ x 1.01 ይወጣል፤ ካታሎጉ 1.00 ይላል። ቀመሩ ከዚህ ወደ 4,700 ኬልቪን ያደርሰናል። በስፔክትረም የለኩት ባለሙያዎች እንደ ዘዴያቸው ከ4,600 እስከ 4,900 ያህል ያስቀምጡታል። ሪጌልን ያስቀረሁት መስመሩን ለመፈተሽ ነው፦ በመስመሩ −0.05 ሲሰጥ ካታሎጉ −0.03 ይላል።

ልኬቱ መታመኑን ለማወቅ የአንዱን ኮከብ መስመር አምስት ቦታ ቆርጣችሁ እያንዳንዱን ለየብቻ ለኩ። አምስቱ ካልተቀራረቡ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ስስ ደመና ቢያልፍ ድምቀቱን ያወርደዋል እንጂ ሬሾውን ብዙም አይነካውም፤ ስለዚህ ወዲያው አትጣሉት። የሚያስፈራው ሙላት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚሞላው አረንጓዴው ስለሆነ የሰማያዊው ድርሻ ያደገ ይመስላል፤ ኮከቡም በሐሰት ይሞቃል። ብዙ ፒክስሎች አንድ ዓይነት ከፍተኛ ቁጥር ይዘው ከተገኙ ምልክቱ ይኸው ነው። በ14 ቢት ካሜራ ጣሪያው 16,383 ስለሆነ ከ12,000 በታች መቆየቱ ይመከራል።

ዘዴው ለሁሉም ኮከብ እኩል አይሠራም። በ x ላይ 0.05 ብንሳሳት በፖሉክስ ላይ ስሕተቱ ወደ 120 ኬልቪን ነው፤ በሪጌል ላይ ግን ወደ 700 ይደርሳል። ኮከቡ በጣም ሲሞቅ ዋናው ብርሃኑ ወደ አልትራቫዮሌት ይሸሻል፤ ካሜራው በሚያየው ክፍል ውስጥ የሰማያዊና የአረንጓዴ ሬሾ ከዚያ በኋላ የሚለወጠው በጥቂቱ ነው። ቤላትሪክስ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፦ የካታሎጉን ትክክለኛ ቀለም ብትሰጡት እንኳ ቀመሩ 14,000 ኬልቪን ይላል፤ እውነቱ ወደ 22,000 ነው። በቀዩ ጫፍም ቤተልጌውዝን 3,300 ያደርገዋል፤ በሌሎች ዘዴዎች የሚገኘው ወደ 3,600 ነው። በኮከቡ ከባቢ አየር ውስጥ ያሉ ሞለኪውሎች ብርሃኑን ስለሚውጡ እንደ ቀጥቃጩ ብረት ንጹሕ ግለት አይደለም።

ስለዚህ ከብርቱካናማ እስከ ቢጫማ ነጭ ላሉት ቁጥሩን ከነስሕተቱ ጻፉ። ለሰማያዊዎቹ ግን «ከ10,000 ኬልቪን በላይ» ብላችሁ ተዉት፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ስፔክትረም እንጂ የቀለም ፎቶ አይነግራችሁም።