ስለ ዓባይ ስም፤ ድምፅ አንድ ሲሆን ሥር ሁለት ስለ መሆኑ

በቡሬም በፍኖተ ሰላምም፥ በዙሪያቸውም ባለው ገጠር፥ ሽማግሎች ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳሉ «ዓባይ ስለ ምን ዓባይ ተባለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልስ አያጣም። እንዲያውም መልሱ ይበዛበታል። አንዱ «ውሃችንን አፈራችንን ይዞ ወደ ባዕድ አገር የሚኰበልል ነውና አባይ፥ ማለት ሐሰተኛ ተባለ» ይላል። ሁለተኛው «የወንዞች ሁሉ አባት ስለ ሆነ ነው» ብሎ ያርመዋል። ሦስተኛው «ታላቅ ማለት ነው» ይላል። ሦስቱም አፋቸውን ሞልተው ይናገራሉ፤ ሦስቱንም ግን አንድ ላይ እውነት ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ እያንዳንዱን ቃል በሰዋስው፥ በጥንት ጽሕፈትና በዘመድ ቋንቋ መፈተን ይገባል።

አስቀድሞ «ሐሰተኛ» የሚለውን እንመልከት ቢባል፥ ይህ ትርጓሜ የሚወደደው ደስ ስለሚያሰኝ ነው። በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ያደገ ጆሮ «አባይ» የሚለውን ኅብር ቃል ሲሰማ ወንዙንም ከዳተኛውንም ባንድ ጊዜ ያያል፤ ሰሙ ውሃው፥ ወርቁ ውሸታሙ ይሆንለታል። ነገር ግን ኅብር የሚሠራው ሁለት ልዩ ልዩ ቃላት በአንድ ድምፅ ስለ ተገናኙ ነው። ቃሉ አንድ ቢሆንማ ባለቅኔው ምን ያጣምር ነበር? እንግዲህ ኅብሩ ራሱ ቃላቱ ሁለት እንደ ሆኑ ይመሰክራል እንጂ አንድ እንደ ሆኑ አይመሰክርም።

የሁለቱን ልዩነት ለማወቅ የእያንዳንዱን ቤተ ሰብ መጥራት ይበቃል። ሐሰተኛው አባይ «አበለ» ካለው ግስ ወጥቷል። ከገደለ ገዳይ፥ ከከፈለ ከፋይ እንደሚወጣ፥ እንዲሁ ከአበለ አባይ ይወጣል። በስሙ መጨረሻ ያለችው «ይ» የተለወጠች «ል» ናት። ይህም እንዳይጠረጠር «እብለት» በሚለው ስም ላይ ለ ሳትለወጥ ቁማ ትታያለች። «አባይ ጠንቋይ» የሚባለውም ከዚሁ ወገን ነው። የወንዙን ስም ግን በየትም ቦታ ይዛችሁ ብትመረምሩት «ል» አይገኝበትም፤ የወንዝ ስም «አበል» ወይም «እብለት» ሁኖ የተጻፈበት፥ የተነገረበትም የለም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው «ፊደሉን አይቶ መለየት ይቻላል፤ ወንዙ በዓይኑ ዐ፥ ሐሰተኛው በአልፋው አ ይጻፋል» ይላል። ይህ ምክር ግን አያድንም። በአማርኛ የዐ የጕሮሮ ድምፅ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ስለዚህ ጸሐፍት ሁለቱን ፊደላት ያለዋውጧቸዋል፤ ሐሰተኛውንም በዐ የሚጽፉ አሉ። ፊደል ምስክር የሚሆነው ድምፁ በሕይወት ባለበት ቋንቋ ሲታገዝ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወደ ዘመድ ቋንቋ መሻገር ግድ ነው። በግእዝ ዐብየ ማለት ከፍ አለ፥ ታላቅ ሆነ ማለት ሲሆን፥ ለወንድ ዐቢይ፥ ለሴት ዐባይ ይባላል። ዕበይና ትዕቢትም የዚሁ ልጆች ናቸው። ትግርኛ ዐን እስከ ዛሬ ከጕሮሮው አውጥቶ የሚናገር ስለ ሆነ ምስክርነቱ የከበደ ነው፤ እርሱም ለወንዱ ዓቢ፥ ለሴቷ ዓባይ ይላል፤ ትርጓሜውም ያው ታላቅ ነው። ከባሕር ማዶ በዕብራይስጥ የዚሁ ሥር ዘመድ «ወፈረ፥ ደነደነ» ማለት ነው፤ በመጽሐፈ ነገሥት ሮብዓም ስለ ታናሽ ጣቱ ውፍረት እንዲናገር አብሮ አደጎቹ በመከሩበት ቦታ የተጻፈው ቃል ይኸው ነው። መወፈርና መተለቅ ጎረቤት ናቸውና ከአንዱ ወደ አንዱ መሻገሩ አያስደንቅም። የወንዙን ስም እንግዲህ በድምፁም በትርጓሜውም ሳይጐድል የሚቀበለው ይህ ቤተ ሰብ ነው።

ታላቅነት ለወንዝ ስም መሆኑም በሌላው ዓለም የታወቀ ልማድ ነው። በእስፓንያ ያለው ጓዳልኪቪር የተባለው ወንዝ ስሙን ያገኘው ከዐረብኛው ዋዲ አል ከቢር ነው፤ ይህም ታላቁ ወንዝ ማለት ነው። ዛሬ ያገሩ ሰው ሲጠራው ትርጓሜውን አያስብም፤ ስም ከሆነ በኋላ ትርጓሜው ተቀብሯልና። በሰከላ ከግሽ ምንጭ ወጥቶ ወደ ጣና የሚወርደው ወንዝም «ግልገል ዓባይ» ይባላል። ዓባይ ማለት ታላቅ መሆኑን ጠሪው ሁልጊዜ ቢያስታውስ «ግልገል ታላቅ» እያለ በተሳቀቀ ነበር። የማይሳቀቀው ቃሉ የወንዙ የብቻ ስም ሁኖ ስለ ቀረ ነው። ትርጓሜው ሲቀበር ደግሞ ያን ጊዜ ተረት ባዶውን ቦታ ለመሙላት ይመጣል።

ሁለተኛው ትርጓሜ፥ «የወንዞች አባት» የሚለው፥ ከተረት ብቻ ሳይሆን ከጥንት ጽሕፈትም ደጋፊ ያገኘ ይመስላል። ከአባ ጎርጎርዮስ ዘንድ ስለ ኢትዮጵያ የተማረው ጀርመናዊው ሉዶልፍ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ የወንዙን ስም «አባዊ» ብሎ ጽፎታል። አብ ሲደመር ዊ፥ እንግዲህ አባታዊ ማለት አይደለምን? ይህን ለሚል ሰው ሁለት መልስ አለ።

አንደኛው መልስ የሰዋስው ነው። በግእዝ አንዱ ስም ለሌላው ሲዘረፍ ፊተኛው ስም በግዕዝ ድምፅ ይጨርሳል። የፍኖተ ሰላም ከተማ ነዋሪ ይህን ሕግ በከተማው ስም ላይ በየቀኑ ያነበዋል፤ ፍኖት ሰላም አይባልም፥ ፍኖተ ሰላም ይባላል እንጂ። እንደዚሁ «የውሆች አባት» ቢሆን «አበ ማያት»፥ «የወንዞች አባት» ቢሆን «አበ አፍላግ» በተባለ ነበር። አባዊ በሚለው ስም ውስጥ ግን ውሃም ወንዝም የለም፤ ተርጓሚው ከራሱ ጨምሮበታል። ቃሉ ያልተናገረውን የሚጨምር ትርጓሜ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠር ነው።

ሁለተኛው መልስ ስለ ጫፉ ስለ ዊ ነው። ግእዝ ቀዳማዊና ቀዳማይ፥ ዳግማዊና ዳግማይ እያለ ዊንና ይን ያለዋውጣል። ይህን የሚያውቅ ሊቅ ሕዝቡ ዓባይ ሲል ሰምቶ በመጽሐፍ ወግ «ዓባዊ» ቢለው አንዳች አያስደንቅም፤ የገጠሩን ስም የግእዝ ካባ አለበሰው ማለት ነው። በእርግጥ መንገዱ በተቃራኒው ሊኬድ እንደሚችል መካድ አይገባም። ነገር ግን ታላቅ የሚለው ያለ ጭማሪ ሲቆም፥ አባት የሚለው ያለ ጭማሪ አይቆምምና ሚዛኑ ወደ ፊተኛው ያደላል። ከዚህ የምንረዳው በሕዝብ ብቻ ሳይሆን በሊቃውንትም ዘንድ ተረት የሚመስል ትርጓሜ እንደሚወለድ ነው፤ የሊቅ ተረት ደግሞ በብራና ስለሚጻፍ ዕድሜው ይረዝማል።

ይህ ነገር ምንጩ በሚገኝበት በግሽ ስም ላይ ይበልጥ ይታያል። በአገሩ እንደሚነገረው አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ ሰጥተው፥ ከዘመን በኋላ ተመልሰው «ግሥዕ ዓባይ» ቢሉት ውሃው መጻሕፍቱን ሳይርሱ አወጣላቸው፤ ስለዚህ ቦታው ግሽ ዓባይ ተባለ። ትውፊቱ የሚናገረው ስለ ጻድቁ ክብር ነው፤ በዚያ ማንም አይከራከርም። ጥያቄው ትውፊቱ የሰዋስውንም ሸክም ይሸከማል ወይ የሚል ብቻ ነው።

ግሱ ጐሥዐ ነው፤ ትርጓሜውም አገሣ፥ ተፋ ማለት ነው። ሠ ወደ ሸ የሚለወጠው በአማርኛ ኢ ወይም የ ሲከተለው ነው፤ ነገሠ ካለው ለሴት «ንገሺ» እንደሚባል። «ግሥዕ» በሚለው ግን ኢ አይከተልም። ለሴት አንቀጽ ቢነገር ኖሮ ኢ ይመጣ ስለ ነበር በሩ ፈጽሞ አልተዘጋም፤ ነገር ግን ትውፊቱን የሚናገሩት በዚያ በር አይገቡም። ደግሞ የጐሥዐ ፊደል ጐ ከንፈርን የሚያሞጠሙጥ ነውና ከ«ግሽ» ይልቅ «ጉሽ» መሆን ይቀርበው ነበር። ድምፅ በመመሳሰሉ ብቻ መፍረድ ከተቻለማ፥ ወንዙ በክረምት ስለሚደፈርስ ስሙ ከጉሽ ጠላ መጣ የሚል ሰው ምን መልስ ይሰጠዋል? እንዲሁም ቡሬ የሚባል በሬ ሁሉ የቡሬ ከተማ ልጅ ነው ማለት ይሆናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የቦታው ታሪክ ነው። ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1618፥ ጄምስ ብሩስም በ1770፥ ሁለቱም በፈረንጆች አቆጣጠር፥ ወደዚያ ምንጭ በደረሱ ጊዜ ዙሪያውን ሰፍረው ያገኙት አገዎችን ነው። ስለዚህ የግሽን ስም ፍች የሚሻ ሰው ከግእዝ ግስ አስቀድሞ የአገውኛ ተናጋሪውን ሽማግሌ መጠየቅ ነበረበት። ሳይጠይቅ በግእዝ ሲፈታው የስሙን ትርጓሜ መሳት ብቻ አይደለም፤ በምድሩ ላይ ቀድሞ የኖረውን ሕዝብ ድምፅ ከመዝገብ ይፍቃል። ይህ ጥንቃቄ ለዓባይም ይሠራል፦ በአገውኛ ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው የወንዝ ስም በቂ ምስክር ይዞ ቢገኝ፥ «ታላቅ» የሚለው ፍች እንደ ገና ለፍርድ መቅረብ አለበት።

ግዮን የሚለው ስም ደግሞ ሌላ መንገድ መጥቷል። ኦሪት ዘፍጥረት ከገነት ከሚወጡት ከአራቱ አፍላጋት አንዱን በዚህ ስም ይጠራዋል፤ ቃሉ ከዕብራይስጥ ጊሖን ወደ ጽርእ፥ ከጽርእ ወደ ግእዝ ሲተረጐም የጕሮሮ ድምፁን በመንገድ ጥሎ ግዮን ሁኗል። በዕብራይስጥ ሥሩ መፍለቅን ያሳያል። ይህ የመጽሐፍ ስም ነው፤ ዓባይ ግን የሕዝብ አፍ ስም ነው። ሁለቱ ለአንድ ውሃ ቢነገሩም አንዱ ሌላውን አይፈታም።

እንግዲህ በደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ከተቀመጡት ሦስቱ፥ እስካሁን ባለው ምስክር፥ ፍርዱ ለሦስተኛው ነው። የፊተኛውም ግን ድካሙ ከንቱ አልሆነም፤ ወንዙንና ከዳተኛውን በአንድ ቃል ማጣመሩ ለቅኔ ቤት መልካም ሀብት ነው። ስሕተቱ ኅብሩን ከቅኔ ቤት አውጥቶ በመዝገበ ቃላት ላይ መጻፉ ብቻ ነው።