ዓምዱን ቀይሮ ረድፉን የማይለቅ ድምፅ፦ የከምባታ ስሞችና ግሦች ስለ ተነባቢዎች ሰንጠረዥ የሚመሰክሩት

የቋንቋን ድምፆች ለጀማሪ የሚያስተምር መጽሐፍ ሁሉ አንድ ሰንጠረዥ አይጠፋውም። በአግድም የተዘረዘረው መካነ ፍጥረት ነው፤ ከሳምባ የሚወጣው አየር አፍ ውስጥ በየት በኩል እንደሚታገድ ወይም እንደሚጠብ ያመለክታል። በቁም የተዘረዘረው ባሕርየ ፍጥረት ነው፤ አየሩ በዚያ ቦታ ላይ ምን እንደሚደርስበት ይናገራል፤ ፈጽሞ ይዘጋል፣ በጠባብ ቀዳዳ ይሾልካል ወይም በአፍንጫ ይወጣል። ተማሪው ብዙውን ጊዜ ይህን ሸምድዶ «ብ፦ ከንፈራዊ፣ እግድ፣ ነዛሪ» ብሎ ለፈተና ይጽፋል፤ ሰንጠረዡም በዚያው ያበቃል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ሰንጠረዡ ዝርዝር ሳይሆን የይገባኛል ቃል ነው የሚል ነው። ዓምድና ረድፍ ተለያይተው የተሠሩት አፋችን ቦታንና አያያዝን ለየብቻ ስለሚያዝ ነው ይለናል። ይህ እውነት ከሆነ አንድ ድምፅ ረድፉን ሳይለቅ ዓምዱን ብቻ የሚቀይርበት አጋጣሚ መገኘት አለበት። በከምባታ ያሉት ዳምቦያና አካባቢዋ ለዚህ ፍተሻ የተመቸ ማስረጃ አላቸው።

የከምባትኛን ዋና ዋና ተነባቢዎች በፊደላችን ብናሰፍራቸው የሚከተለውን እናገኛለን። ከምባትኛ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ የግዕዙን ፊደል የተጠቀምነው ድምፆቹ ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ ስለሆኑ ነው።

| | ከንፈር | ድድ | ትናጋ | ላንቃ | ማንቁርት |
|---|---|---|---|---|---|
| እግድ | ብ፣ ጵ | ት፣ ድ፣ ጥ | | ክ፣ ግ፣ ቅ | እ |
| እግድ-ሹልክልክ | | | ች፣ ጅ፣ ጭ | | |
| ሹልክልክ | ፍ | ስ፣ ዝ | ሽ | | ህ |
| ሰርናዊ | ም | ን | | (ን) | |
| ጎናዊ | | ል | | | |
| ተርገብጋቢ | | ር | | | |
| ከፊል አናባቢ | ው | | ይ | | |

ድድ ስንል ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ያለውን እብጠት፣ ትናጋ ስንል ጠንካራውን የአፍ ጣሪያ፣ ላንቃ ስንል ከዚያ ወደ ጉሮሮ የሚሄደውን ለስላሳ ክፍል ነው። ሰርናዊ የሚባለው ረድፍ አየሩ በአፍንጫ የሚወጣባቸውን ድምፆች ይይዛል። በላንቃ ዓምድ ሥር በቅንፍ የገባው ን የራሱ ፊደል የሌለው ድምፅ ነው፤ የክርክሩ ማዕከል እሱ ስለሆነ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን «ዳምቦያ» የሚለውን ስም በሰንጠረዡ ላይ እንከተለው። ለድ የምላስ ጫፍ ድድን ይነካል። ከአናባቢው በኋላ ለም ሁለቱ ከንፈሮች ይገጥማሉ፤ አየሩም በአፍንጫ ይወጣል። ቀጥሎ ብ ይመጣል፤ መስታወት ፊት ቀስ ብሎ ለሚለው ሰው ግን ከም ወደ ብ ሲሻገር ከንፈር ላይ ምንም ለውጥ አይታይም። ከንፈሮቹ አንድ ጊዜ ይገጥማሉ፣ አንድ ጊዜ ይከፈታሉ። በመሀል የተለወጠው ወደ አፍንጫ የሚወስደው መንገድ ብቻ ነው፤ የላንቃው ጫፍ ከፍ ብሎ ዘጋው። ቦታው ሳይነካ ባሕርዩ ብቻ ተለወጠ ማለት ነው። አፍንጫን በሁለት ጣት ይዞ «ም» እያሉ ማራዘም ሲሞከር ድምፁ ወዲያው ይታፈናል፤ «ስ»ን ማራዘም ግን ያለ ችግር ይቻላል። ሰርናዊው ረድፍ በዚህ ቀላል ፈተና ይለያል።

በዚያው አካባቢ ያሉ ሌሎች ስሞች ደግሞ የተገላቢጦሹን የሚያሳዩ ይመስላሉ። በከምባታ፣ በጠምባሮና በዳምቦያ ከብ በፊት ያለው ሰርናዊ ከንፈር ላይ ነው። በጡንጦ ከጥ በፊት ያለው ድድ ላይ ነው። በአንጋጫ ደግሞ ከግ በፊት ያለው የት ነው? «አን» ብሎ ጋን ሳይጨምር ድንገት ያቆመ ሰው የምላሱ ጫፍ የትም እንዳልነካና የምላሱ ጀርባ ላንቃውን እንደዘጋ ያስተውላል። የጻፍነው ን ነው፤ ያልነው ግን በሰንጠረዡ በቅንፍ የገባውን ድምፅ ነው። ባሕርዩ በሦስቱም አንድ ሆኖ ቦታው በሚከተለው እግድ ድምፅ የሚወሰን ይመስላል። ለም የተለየ ፊደል ስላለን ለውጡን በጽሑፍ እናያለን፤ ለላንቃው ሰርናዊ ግን የግዕዙም ሆነ የላቲኑ አጻጻፍ ፊደል ስለሌለው ዓይን ያልፈዋል። «እንግዳ»፣ «መንገድ»፣ «እንቁላል» ውስጥም ያው ድምፅ አለ፤ የአማርኛ ተናጋሪ ዕድሜውን ሙሉ ሲለው ኖሮ ላያውቀው ይችላል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። የቦታ ስም ተለዋጭ መልክ የለውም፤ የዳምቦያ ም ከጥንቱም ም ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ «ሰርናዊ የሚከተለውን ድምፅ ቦታ ይወስዳል» ብንል «አምስት» ለምን «አንስት» አልሆነም? «ግምት»ስ ለምን «ግንት» አልተባለም? ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ሁለት ነገርም ያስተምራል። አንደኛ፣ ቦታውን በቀላሉ የሚለቀው የድዱ ን እንጂ የከንፈሩ ም አይደለም፤ ሕጉ ስለ ሰርናዊ ሁሉ ሳይሆን ስለ ን ነው መባል አለበት። ሁለተኛ፣ የስሞቹ ምስክርነት ከሕጉ ጋር ይስማማል እንጂ ሕጉን አያረጋግጥም። ለማረጋገጥ መነሻው ን መሆኑ አስቀድሞ የታወቀ፣ በተለያዩ ድምፆች አጠገብ የሚቆም አንድ ክፍል ያስፈልጋል።

ይህን የሚሰጠን የከምባትኛ ግሥ ነው። ኢቮን ትራይስ በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የከምባትኛ ሰዋስው በሰፊው እንደተገለጸው፣ «እኛ» የሚለውን ባለቤት የሚያሳየው ምዕላድ በን ይጀምራል። ይህ ን እንደ ብ፣ ት፣ ግ ባለ ድምፅ ከሚያበቃ የግሥ ሥር ጋር ሲገናኝ ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ን ወደ ፊት ያልፋል። «መብላት» የሚለው ሥር ኢት- ነው፤ ከን ጋር ኢንት- ይሆናል። «መጠጣት» አግ- ነው፤ አንግ- ይሆናል፤ ን ግን ከላንቃ ይወጣል። «መውደቅ» ኡብ- ነው፤ ከን ጋር ኡምብ- ይሆናል። ምዕላዱ አንድ ነው፣ ትርጉሙም አንድ ነው፣ ድምፁ ግን በሦስት ዓምዶች ይመላለሳል። በሦስቱም አየሩ በአፍንጫ ይወጣል፤ ከሰርናዊው ረድፍ አንድም ጊዜ አልወጣም። የሰንጠረዡ የይገባኛል ቃል የጠየቀው ማስረጃ ይኸው ነው። ሰንጠረዡ ባይኖር «ን አንዴ ም፣ አንዴ ን፣ አንዴ ስም የለሽ ድምፅ ይሆናል» ብለን ሦስት ያልተያያዙ ነገሮችን እንመዘግብ ነበር፤ በሰንጠረዡ ግን ነገሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ን የጎረቤቱን ዓምድ ይወስዳል።

«ተናጋሪዎች እነዚህን ቅርጾች በልጅነታቸው ሸምድደዋቸው እንጂ አፋቸው እየሠራቸው አይደለም» የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልሱ ማንም ሊሸመድደው በማይችል ቦታ፣ በሁለት ቃላት መገናኛ ላይ ይገኛል። በአማርኛ «ምን ተባለ?»፣ «ምን በላ?»፣ «ምን ገዛ?» የሚሉትን ሳናቋርጥ ቶሎ ስንላቸው የመጀመሪያው ን በድድ ይቀራል፣ ሁለተኛው ወደ ከንፈር፣ ሦስተኛው ወደ ላንቃ ይሳባል። ከ«ምን» በኋላ ትንሽ ካረፍን ሦስቱም ወደ ድድ ይመለሳሉ። ዕረፍት ለውጡን ማጥፋቱ መንስኤውን ያሳያል፦ ምላስ የን ሥራውን ሳይጨርስ ከንፈር ለብ መግጠም ይጀምራል። «ወንበር» እና «ወምበር»፣ «አንበሳ» እና «አምበሳ» በሚሉት አጻጻፎች መካከል የምናመነታውም በዚሁ ነው፤ አንዱ ጸሐፊ መነሻውን፣ ሌላው የሰማውን ይጽፋል።

ሌላው ተቃውሞ ከሰንጠረዡ ከራሱ ይነሣል። ሁለቱ መስመሮች በእርግጥ ተለያይተው የሚሠሩ ከሆነ ይህን ያህል ባዶ ሣጥን ለምን ኖረ? ባዶዎቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ከማንቁርት ሥር ሰርናዊ የሌለው ሊኖር ስለማይችል ነው፤ አየሩ ማንቁርት ላይ ከታገደ ወደ አፍንጫው መንገድ የሚደርስ ነገር አይኖርም። ከከንፈር እግዶች መካከል የጎደለው ፕ ግን ሌላ ነው። ብን የሚል አፍ ፕን ለማለት የሚያንሰው የለም፤ አማርኛም «ፖሊስ» እና «ፓስታ» ከውጭ ሲገቡ ያለ ብዙ ችግር ተቀብሎታል። ቀዳሚው ባዶ የአካል፣ ሁለተኛው የቋንቋው ታሪክ ነው። የመስመሮቹን ነጻነት የሚገድበው ቀዳሚው ብቻ ስለሆነ የሚሰጠው ትምህርት «ነጻነቱ ሙሉ አይደለም» የሚል እንጂ «የለም» የሚል አይሆንም።

የሰንጠረዡ እውነተኛ ጉድለት ሌላ ቦታ ነው። በድድና በእግድ መገናኛ ሣጥን ውስጥ ት፣ ድ፣ ጥ ሦስቱም ተጨናንቀዋል፤ ቦታቸውም ባሕርያቸውም አንድ ነው። የሚለያቸው የማንቁርት ሥራ ነው። በድ የድምፅ አውታሮች ይንቀጠቀጣሉ፣ በት አይንቀጠቀጡም፣ በጥ ፈጽመው ገጥመው አየሩን ከላያቸው ያፍኑታል። ይህን የሚጠራጠር ትንፋሹን ጉሮሮው ላይ አግቶ ጥን ይሞክር፤ ፈንድቶ ይወጣለታል። በዚያው ሁኔታ ትን ቢሞክር ደካማ ጠቅታ ብቻ ይሰማል፤ ት ከሳምባ የሚመጣ አየር ይፈልጋልና። ስለዚህ ሁለት አቅጣጫ ያለው ወረቀት ሦስት ነገር እንዲሸከም ተደርጓል፤ ሦስተኛውን በየሣጥኑ ውስጥ በተርታ እንደረድራለን። ጀማሪው «በአንድ ሣጥን ያሉት አንድ ናቸው» ብሎ እንዳይሳሳት ይህ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው የማስተማር ቅደም ተከተል ነው። ሰንጠረዡን አስቀድሞ ሰጥቶ ስሞቹን ማስጠናት የተለመደ ነው፤ ማስረጃው ግን ተቃራኒውን ይመክራል። ዳምቦያ፣ ጡንጦና አንጋጫን ጎን ለጎን ያስቀመጠ፣ ከዚያም ኡምብ-፣ ኢንት- እና አንግ- ን ያሰማ መምህር ተማሪው ራሱ «አንድ የሆነው ምንድን ነው? የተለወጠውስ?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ረድፍ ነው፣ የሁለተኛው ዓምድ። ሁለቱን በዚህ መንገድ ያገኘ ተማሪ «ምን ፈለገ?» ሲል ን ወዴት እንደሚሳብ ከመጽሐፍ ሳይፈልግ ይገምታል፤ ፍ የላይኛው ጥርስና የታችኛው ከንፈር ስለሆነ ን ወደዚያው ይጠጋል። ያላየውን ድምፅ አስቀድሞ መገመት መቻሉ ደግሞ ሰንጠረዡን እንደ ስም ዝርዝር ሳይሆን እንደ ማብራሪያ መረዳቱን ያሳያል።