ሮቶ ይጠግባል፣ ስንጥቅ አይጠግብም

ጎንደር፣ አዘዞ ላይ ሌሊት 8 ሰዓት ከውሻና ከጅብ በቀር የሚናገር የለም። እኛ በዚያ ሰዓት ጋቢ ተከናንበን፣ የቆጣሪ ሳጥን ክዳን ከፍተን፣ በባትሪ ብርሃን የቆጣሪውን መርፌ እናያለን። ቀን ሁሉም ሰው ውሃ ስለሚቀዳ መስመሩ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ የት እንደሚደርስ መለየት አይቻልም። ሌሊት ሰው ይተኛል። ሰው ተኝቶም መርፌዋ ከዞረች ከመሬት በታች ያልተኛ ነገር አለ።

ሥራው ወረቀት ላይ ቀላል ነው። አንዱን ሰፈር ቫልቭ በመዝጋት ከቀረው መስመር ትለየዋለህ፤ አንድ መግቢያ ብቻ ትተውለታለህ፤ መግቢያው ላይ ቆጣሪና የግፊት መለኪያ ትገጥማለህ። ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ድረስ የገባውን ትመዘግብና ሰዎች በሌሊት ይጠቀሙበታል የምትለውን ትቀንስለታለህ። የቀረው ሊኬጅ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት ሪፖርት ዘዴውን ሥርዓት አስያዙት፤ ዛሬ በየአገሩ ይሠራበታል። ችግሩ ዘዴው የታሰበው ቀንና ሌሊት ውሃ ለማይቋረጥበት ከተማ መሆኑ ነው። ጎንደር ደግሞ በፈረቃ የሚጠጣ ከተማ ነው። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ነዋሪው ውሃ በመጣ ቀን ያለውን ዕቃ ሁሉ መሙላት ለምዷል። አቅም ያለው ጣሪያው ላይ ሮቶ ሰቅሏል። ሰውየው ተኝቷል፤ ሮቶው ግን ሌሊቱን ሙሉ ይጠጣል።

እኔ ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። ከዋናው መንገድ ዝቅ ብሎ 420 ደንበኞች ያሉት አንድ ሰፈር ነበር። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። ፈረቃው በደረሰ ሌሊት ወጣንና 8 ሰዓት ላይ በሰከንድ 6 ሊትር ለካን። ደስ አለኝ፤ «ይኸው የጠፋው ውሃ» አልኩ። በማግሥቱ ማስታወሻዬን እንደገና ሳየው ደስታዬ ቀዘቀዘ። 6 ሰዓት ላይ 9 ሊትር የነበረው 8 ሰዓት ላይ 6፣ 10 ሰዓት ላይ 5 ሆኗል። በዚያው ጊዜ የሰፈሩ ግፊት ከፍ ብሏል። ሊኬጅ ቢሆን ኖሮ ግፊት ሲጨምር እሱም መጨመር ነበረበት እንጂ ባልቀነሰ ነበር። እየቀነሰ የሄደው የሮቶዎቹ ውሃ ነበር፤ አንዱ ሲሞላ ተንሳፋፊው ይዘጋል፣ ቀጥሎ የጎረቤቱ ይዘጋል። ከዚያ ወዲህ አንዷን የሌሊት ቁጥር ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው አላምንም። የሌሊቱን ቁጥሮች ሁሉ አሳየኝ እለዋለሁ። ሮቶ ይጠግባል፤ ስንጥቅ አይጠግብም።

ስለዚህ ሰፈሩን ማጥገብ ነበረብን። ለአራት ቀን ያለ ፈረቃ ውሃ እንዲለቀቅለት ለመንን። ይህ ሌላውን ሰፈር ማስጠማት ስለሆነ በቀላሉ አልተፈቀደም፤ መከልከሉም አያስቀይምም።

በመሃሉ ዞኑ በእርግጥ የተለየ መሆኑን ፈተሽን። ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ሲዘለልም ቀሪውን ሥራ ሁሉ ከንቱ የሚያደርግ ደረጃ ነው። መግቢያውን ጭምር ዘግተህ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ያለውን የግፊት መለኪያ ትጠብቃለህ። ሰፈሩ የተዘጋ ከሆነ ግፊቱ ወርዶ ወርዶ ዜሮ ይገባል። የእኛ 1 ባር ላይ ደርሶ ቆመ፤ ግማሽ ሰዓት ጠበቅነው፣ አልተነቃነቀም። ካርታው ላይ በሌለ በር ውሃ ይገባል ማለት ነው።

በሩን ያገኙልን ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። አዲስ የተነጠፈ ኮብልስቶን ላይ ቆመው፣ ከአንድ ግንብ ሦስት እርምጃ ቆጥረው፣ በእግራቸው መታ መታ አደረጉት።

«እዚህ ነው።»

«ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት? ካርታው ላይ የለም እኮ።»

«ስገጥመው አውራ ጣቴን የቆረጠኝ ቫልቭ ነው፣ ልጄ። ካርታው ጣት የለውም።»

ድንጋዩን ስናነሳ የቫልቭ ሳጥኑ አፈር ሞልቶ፣ ክዳኑ ጠፍቶ ተገኘ። ቫልቩ ግማሽ ድረስ ክፍት ነበር። ዘጋነው፤ መለኪያው ዜሮ ገባ።

በመጨረሻ ተፈቅዶ ውሃው በተለቀቀ በአራተኛው ሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ፍሰቱ 3.1 ሊትር ላይ ቀጥ ብሎ ቆየ። ከዚህ ላይ የሰውን ድርሻ መቀነስ ነበረብን። ለአንድ ደንበኛ በሰዓት 2 ሊትር ሰጠን፤ ሌሊት ሲሠራ የሚያድረውን ዳቦ ቤትና አንድ ሆቴል ግን በግምት አላለፍናቸውም፣ ቆጣሪያቸውን 8 ሰዓትና 10 ሰዓት ላይ አነበብነው። ሁሉም ተደምሮ በሰከንድ 0.3 ሊትር ገደማ መጣ። የቀረው 2.8 ሊትር ነው። (ልኬቱን በበዓል ዋዜማ አታድርጉት። ጠላ የሚጠምቅ፣ ዶሮ የሚገነጥል ቤት ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ይቀዳል፤ በጥምቀት ሰሞን ደግሞ እንግዳውም ይጨመራል።)

2.8ን በ24 ሰዓት ማባዛት ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። ቀን ሰው ሲቀዳ ግፊቱ ስለሚወርድ ስንጥቁም የሚተፋው ይቀንሳል። በእኛ ዞን አማካይ ግፊቱ ሌሊት 6 ባር፣ ቀን 4.5 ባር ገደማ ነበር። ይህን ስናስገባ የ24 ሰዓቱ ብክነት በሌሊቱ መጠን 18 ሰዓት ያህል እንደሚፈስ ሆነ፤ በቀን ወደ 181 ሜትር ኩብ። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር ከ9,000 ጀሪካን ይበልጣል።

ግፊቱ ለምን ይህን ያህል በዛ? መልክዓ ምድሩን ማየት በቂ ነው። የጎንደር መሀል ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ አዘዞ ያለው አየር ማረፊያ 2,000 ሜትር አይሞላም። ውሃ በየ10 ሜትሩ ቁልቁለት 1 ባር ያህል ይጨምራል። ከላይ የተለቀቀ ውሃ በመሃል ማጠራቀሚያ ወይም የግፊት መቀነሻ ቫልቭ ካላረፈ ታች ሲደርስ ከ10 ባር በላይ ይዞ ነው፤ 10 ባር ደግሞ «ፒኤን 10» ተብሎ የሚሸጠው ቱቦ የሚችለው ጣሪያ ነው። ላይኛው ሰፈር ውሃ አልደረሰኝም ብሎ ሲያለቅስ ታችኛው ሰፈር ቧንቧ የሚፈነዳበት ምክንያት ይኸው ነው። ዞን ከፍታን ተከትሎ እንጂ የቀበሌን ወሰን ተከትሎ መከፈል የለበትም።

ያንኑ ግፊት ለምርመራም ተጠቀምንበት። መግቢያው ላይ ባለው መቀነሻ ቫልቭ ከ6 ባር ወደ 4 ባር አወረድነው። ብረት ላይ ያለ ክብ ቀዳዳ ስፋቱ ስለማይለወጥ የሚቀንሰው ጥቂት ነው፤ እንዲህ ያለ ቢሆን ኖሮ ፍሰታችን 2.6 ገደማ ላይ ይቆም ነበር። የእኛ ግን 1.8 ድረስ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1994 ጆን ሜይ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እንዳስረዳው ፕላስቲክ ቱቦ ላይ ያለ ቁመታዊ ስንጥቅ በግፊት እንደ ከንፈር ይከፈታል፣ ግፊቱ ሲለቀው ይገጥማል። ስለዚህ ከአሮጌው ጋልቫናይዝድ ይልቅ የፕላስቲኩን መስመር እንጠርጥር አልን። ይህ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ብዙ ትናንሽ የመገጣጠሚያ ሊኬጆች ተደምረው ይህንኑ መልክ ሊያሳዩ ይችላሉ።

በሚቀጥለው ሌሊት ግፊቱን ወደ 6 ባር መልሰን ቫልቮቹን ከሩቁ ጀምረን አንድ በአንድ እየዘጋን ወደ መግቢያው መጣን፤ በየመሃሉ 20 ደቂቃ እየጠበቅን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲዘጉ ፍሰቱ በጥቂቱ ዝቅ አለ፤ ከ3.1 ወደ 2.7። ሦስተኛው ሲዘጋ መርፌዋ እየዞረች ሳለ ልክ እንደደከማት ዘገየች፤ 0.9። አጠገቤ የነበረው ልጅ ባትሪውን ጥሎ ሳቀ። 1.8 ሊትሩ የገባው በአንድ ቁራጭ መስመር ውስጥ ነው፤ ወንዛ ወንዛውን የሚሄድ ባለ 63 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ቱቦ፣ ርዝመቱ 200 ሜትር ገደማ።

200 ሜትር አይቆፈርም። ፕላስቲክ ደግሞ ድምፅ አይሸከምም፤ ብረት ላይ ከሩቅ የሚሰማው ሹክሹክታ እዚያ ጥቂት ሜትር ሳይሄድ ይሞታል። ስለዚህ በየቤቱ መገንጠያ ላይ የማዳመጫውን ዘንግ እያስደገፍን ጆሯችንን ሰጠን። ወሩ መጋቢት ነውና ዋልካው ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። ውሃው ላይ አልወጣም፤ በስንጥቁ ገብቶ፣ ከመሬት በታች ሄዶ፣ ጎርፍ መውረጃው ውስጥ ይወጣ ነበር። መውረጃው ግርጌ በዚያ ደረቅ ወር ሣሩ ለምልሞ ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች በግ ያሰማሩበታል። «ምንጭ ነው» ብለውን ነበር።

ድምፁ በበረታበት ስንቆፍር አንድ ሜትር ላይ አገኘነው። ቱቦው ከሥሩ ሹል ድንጋይ ተንተርሶ፣ በጎኑ አንድ ክንድ ያህል ተሰንጥቋል። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሸሻል፤ ቱቦውን በየዓመቱ ድንጋዩ ላይ ሲያጥፈው ኖሯል። ሲቀበር ከሥሩ አሸዋ ቢደለደልለት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ጠግነን ስንለካ 1.3 ይሆናል ብለን የጠበቅነው 1.5 ሆነ። ትልቁ አፍ ሲዘጋ የሰፈሩ ግፊት ስለጨመረ ሌሎቹ ትናንሾቹ አብዝተው ይተፉ ጀመር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላም አሮጌው ጋልቫናይዝድ መስመር ላይ አንድ ቦታ ፈነዳ። ከጥገናው ጋር በዚያው ቀን መቀነሻውን ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ፤ ረሳሁት። ኋላ ከፍ ባለው ጥግ ያለው ቤት ሳይቸገር ሌሊቱን ወደ 4 ባር ስናወርደው ፍሰቱ 1 ሊትር ላይ ረጋ።

ይህን የምታነቡ የመንገድ ሥራ ኃላፊዎችና የኮብልስቶን ማኅበራት አባላት፣ አንድ ልመና አለኝ። መንገድ ላይ ክብ ወይም አራት ማዕዘን የብረት ክዳን ካገኛችሁ፣ ባዶ መስሎ ቢታያችሁም አትቅበሩት። ሳጥኑን ከድንጋዩ እኩል ከፍ አድርጋችሁ ክዳኑን መልሱለት። የእኛ ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል።