የወርኃዊ የወጪ ልዩነት ሪፖርት አነባበብ

በበጀት የተያዘውን ወጪ በወሩ ከተመዘገበው ወጪ ጋር ጎን ለጎን የሚያሳየው ወርኃዊ የልዩነት ሪፖርት በዋናነት የሚነበበው፣ የትኛው የወጪ መደብ የሥራ ኃላፊውን ማብራሪያ እንደሚሻ ለመለየት ነው። ብዙ ድርጅቶች ለዚህ ገደብ ያበጃሉ፤ ለአብነት አንድ ዳቦ ቤት ከበጀቱ ከ10 በመቶና ከ50,000 ብር በላይ ከፍ ወይም ዝቅ ያለው መደብ ሁሉ እንዲብራራ ሊወስን ይችላል። ገደቡ ግን የልዩነቱን መጠን እንጂ መንስኤውን ስለማይለይ፣ ልምድ ያለው አንባቢ ከሁሉ አስቀድሞ የወሩን የምርት መጠን ይመለከታል።

የዚህ ዳቦ ቤት የወሩ የዱቄት በጀት 500 ኩንታል፣ በኩንታል 6,000 ብር ሂሳብ 3,000,000 ብር ሆኖ ሳለ 3,330,000 ብር ወጥቷል እንበል። ልዩነቱ 11 በመቶ በመሆኑ ከገደቡ ያልፋል፤ ነገር ግን ምርቱ ከዕቅዱ በ10 በመቶ ስለበለጠ፣ ለተመረተው ዳቦ የሚገባው ወጪ 3,300,000 ብር ነበር። የሚቀረው 30,000 ብር፣ ማለትም የ5 ኩንታል ብልጫ፣ ከ1 በመቶ በታች ስለሆነ ኃላፊውን ለማስጠራት የሚያበቃ አይደለም።

በአንጻሩ የማሸጊያ ላስቲክ መደብ ልዩነቱ ዜሮ ነው፤ በጀቱ 100,000 ላስቲክ በ2 ብር፣ የወጣውም ያው 200,000 ብር ነው። ዝርዝሩ ሲታይ ግን የተገዛው ላስቲክ ዋጋው 1 ብር ከ60 ሳንቲም ሲሆን፣ ለወሩ ምርት 110,000 ይበቃ የነበረው 125,000 ፈጅቷል። ከዋጋው የተገኘው 50,000 ብር ቁጠባ፣ 15,000ው ትርፍ ላስቲክና በምርቱ መጨመር ምክንያት የመጣው ተጨማሪ ፍጆታ ተቻችለው ዜሮ ስላስገኙ ገደቡ ምንም አልጠቆመም፤ ርካሹ ላስቲክ እየተቀደደ ይሆን ወይስ ከመጋዘን እየወጣ የሚጠፋ አለ የሚለውን ግን ከኃላፊው በቀር የሚመልስ የለም።

ከበጀት በታች የሆነ ወጪም ሁልጊዜ መልካም ዜና አይደለም። ለጥገና ከተያዘው 120,000 ብር 40,000 ብቻ ቢመዘገብ፣ ጥገናው ተሠርቶ ደረሰኙ አልደረሰ እንደሆነ፣ ወይም ሥራው ጭራሽ ተዘሎ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ሁኔታ የሂሳብ ክፍሉ ወጪውን እንደ ተከፋይ ሂሳብ፣ ማለትም አገልግሎቱ ተገኝቶ ገና ያልተከፈለ ዕዳ አድርጎ በዚያው ወር መመዝገብ ነበረበት፤ በሁለተኛው ግን ቁጠባው ምድጃው በተበላሸ ጊዜ የሚከፈል ብድር ነው።

ስለዚህ ብቁ ማብራሪያ «ወጪ ስለጨመረ ነው» በሚል አይታለፍም፤ የዋጋውንና የፍጆታውን ድርሻ በየፊናው በብር ይለያል፣ ልዩነቱ በሚቀጥለው ወር ይደገም እንደሆነም ይናገራል። እነዚህን የማይመልስ ማብራሪያ ለኃላፊው ሊመለስለት ይገባል።