እያንዳንዱ ምርጫ ለብቻው ይመዘን

በአሜሪካ ለነርስነት ፈቃድ ኤንክሌክስን የሚያጠኑ ልጆቻችን አብዝተው የሚፈሩት «የሚስማሙትን ሁሉ ምረጡ» የሚለውን ጥያቄ ነው፤ እነሱ ሳታ ይሉታል። ሳስጠናቸው እንደማየው ብዙዎቹ እውቀቱ አላቸው። የሚሳሳቱት ምርጫዎቹን እርስ በርስ ሲያወዳድሩ ነው።

አንድ ጥያቄ እንይ። የልብ ድካም ያለበት ታካሚ ዲጎክሲንና ፉሮሴማይድ ይወስዳል። ነርሷ የዛሬውን ዲጎክሲን ከመስጠቷ በፊት ለሐኪሙ ማሳወቅ ያለባት የትኞቹን ነው? የልብ ምት በደቂቃ 52፤ ፖታሲየም 3.0፤ በመብራት ዙሪያ ቢጫ ቀለበት ማየት፤ የደም ግፊት 128/76፤ ማቅለሽለሽና የምግብ ፍላጎት ማጣት።

ሌሎቹን በእጃችን ሸፍነን አንዱን ብቻ ከጥያቄው ጋር እናገናኝ። ዲጎክሲን የልብ ምትን ያዘገያል፤ በአዋቂ ሰው ምቱ ከ60 በታች ከሆነ መድኃኒቱን አቆይቶ ሐኪም መጠየቅ የተለመደ ነው። ስለዚህ 52 ይመረጣል። ቢጫ ቀለበቱና ማቅለሽለሹም የመመረዝ ምልክት ስለሆኑ ይመረጣሉ።

ክርክር የሚነሳው ፖታሲየሙ ላይ ነው። «ይህ እኮ የመመረዝ ምልክት አይደለም» ብለው ይተዉታል። እውነት ነው፣ ምልክት አይደለም። ነገር ግን ፉሮሴማይድ ፖታሲየምን በሽንት ያስወጣል፤ ፖታሲየምና ዲጎክሲን ደግሞ በልብ ሕዋስ ላይ የሚሻሙት አንድ ቦታ ነው። ፖታሲየም ሲያንስ ዲጎክሲኑ በርትቶ ይይዛል፣ በደም ውስጥ ያለው መጠን ልክ ሆኖ ሳለ እንኳ ሊመርዝ ይችላል። ከ3.5 በታች የወረደ ፖታሲየም ከመድኃኒቱ በፊት መነገር አለበት፤ ይመረጣል። ጥያቄው «የመመረዝ ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?» ቢል ኖሮ ግን ያው 3.0 ስህተት ይሆን ነበር። ቁጥሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተጠየቀው ነገር ነው።

የደም ግፊቱን የሚመርጡት «የልብ መድኃኒት ከመስጠት በፊት ግፊት ይለካል» ብለው ነው። መለካቱ ተገቢ ነው፤ የተጠየቀው ግን የሚለካው ሳይሆን የሚያሳስበው ነው፣ 128/76 ደግሞ እዚህ አያሳስብም።

ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ የነጥብ አሰጣጡ ተለውጧል። ለእያንዳንዱ ትክክል ምርጫ አንድ ነጥብ ይጨመራል፣ ለእያንዳንዱ ስህተት አንድ ይቀነሳል፤ ከዜሮ ግን አይወርድም። እዚህ ጥያቄ ላይ አምስቱንም የመረጠ ሦስት ነጥብ ያገኛል፤ ፖታሲየሙን ብቻ ትቶ የቀሩትን ሦስት ትክክሎች የመረጠም እንዲሁ ሦስት። በግምት መጨመር ያገኙትን ሊያሳጣ ይችላል፤ እንደ ድሮው አንድ በመሳት ሁሉን ማጣትም የለም።

ስለዚህ ስትለማመዱ መልሱን አይታችሁ አትለፉ። ላልተመረጠው ምርጫም «ጥያቄው ምን ቢሆን ይህ ትክክል ይሆን ነበር?» ብላችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ያንን መጻፍ ካቃታችሁ ጥያቄውን ብትመልሱትም ገና አላወቃችሁትም።