ዓይን የማያርፍበት ሁለት ሦስተኛ

የመልስ ቪዲዮ ነው። ሙሽራው በረድፍ በተቀመጡት ሽማግሌዎች ፊት እየተንበረከከ ጉልበት ይስማል፤ ሙሽራዋ ነጭ ቀሚሷ ላይ ካባ ደርባ ትከተለዋለች። ካሜራማኑ ይህን በአግድም የቀረጸው አስቦበት ነው። ረድፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ካልታየ ማን እንደተሳመና ማን ተራውን እንደሚጠብቅ አይታወቅም። ቤተሰቡ ደግሞ ቪዲዮውን የሚፈልገው ለቲክቶክ፣ ስልክ በቁም ተይዞ እንዲታይ ነው። ግራና ቀኙን ቆርጦ በቁም ማስቀረት ይቻላል፤ ግን ከዘጠኙ ሽማግሌዎች የሚተርፉት ሦስቱ ብቻ ናቸው። የትኛው ቤተሰብ ነው ስድስቱን ቆርጦ የሚጥል?

ኤዲተሩ ማንንም አልቆረጠም። ቪዲዮውን ሙሉውን መሀል ላይ አስቀምጦ ባዶውን ቦታ በዚያው ቪዲዮ በደበዘዘ ቅጂ ሞላው። በየቀኑ የምናየው ዘዴ ነው፤ ካፕከት ላይ አንድ ቁልፍ በመንካት ይገኛል። የእሱን ሥራ ደጋግሜ ያየሁት ግን በቁልፍ የሚገኘውን ስላልተቀበለ ነው።

የቁም ፍሬም 1080 በ1920 ፒክስል ነው። 16 ለ9 የሆነ ቪዲዮ በዚህ ወርድ ልክ ሲገባ ቁመቱ 608 ገደማ ይሆናል፤ የቀረው 1,312 ፒክስል ከላይና ከታች ባዶ ነው። ስለዚህ ከስክሪኑ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚይዘው ቪዲዮው ሳይሆን ባክግራውንዱ ነው። ይህን ያህል ሰፊ ቦታ ይዞ ዓይን እንዳይስብ ማድረግ ነው ሙያው። ባክግራውንዱ ከቪዲዮው ብርሃኑንና ቀለሙን ይውሰድ፤ ድርጊቱን ግን አይውሰድ። የኤዲተሩ ውሳኔዎች በሙሉ ከዚህ የሚመነጩ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ።

መጀመሪያ ነጩን ነገር ተመልከቱ። ቅጂው ፍሬሙን እስኪሞላ ሲጎላ ከፊት ካለው ቪዲዮ ከሦስት እጥፍ በላይ ይተልቃል፤ ከወርዱም የሚታየው መሀለኛው ሲሶ ብቻ ነው። በዚህ ቪዲዮ መሀል ላይ ያለችው ሙሽራዋ ናት። እንዲሁ ቢተወው ኖሮ ቀሚሷ ተስፋፍቶ ከላይም ከታችም ነጭ ጉም ይሆን ነበር፤ የጉሙ ድምቀትም ከፊት ያሉትን ሰዎች ፊት ያጠቁራል። ኤዲተሩ ቅጂውን ወደ ጎን ገፋው። ከረድፉ ጫፍ በኋላ የዳሱ ቡናማ መጋረጃና ጥቂት የአትክልት ቅጠል ነበር፤ ባክግራውንዱን የሞላው በዚያ ነው። ከዚያ ብርሃኑን ቀነሰ፤ የቀለሙንም ድምቀት ትንሽ አበረደ። መጋረጃው ከፊት ባለው ቪዲዮ ውስጥም በትክክለኛ ቀለሙ ስለሚታይ ሁለቱን ማነጻጸር ቀላል ነው፦ ኋላ ያለው ያው ቡናማ ነው፣ ግን ጥላ ውስጥ የገባ ይመስላል።

የማደብዘዙ መጠን ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ ሁልጊዜም የሚሳሳቱት በማሳነስ ነው። ትንሽ ብቻ የደበዘዘ ባክግራውንድ ላይ የሰው ዓይንና አፍ ይለያል፤ ዓይናችን ፊት መፈለግ ስለማይተው ከፊት ያለውን ትቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። መፈተኛው ቀላል ነው። ከፊት ያለውን ቪዲዮ ለአፍታ መደበቅና ባክግራውንዱን ለብቻው ማየት። ሰው ከለያችሁበት ወይም ጽሑፍ ካነበባችሁበት ገና ነው። ዳስ ይሁን አዳራሽ፣ ቀን ይሁን ማታ የማይታወቅ ከሆነ ደግሞ በዝቷል፤ ያኔ አንድ ወጥ ቀለም መቀባት ይሻል ነበር። የእሱ ሥራ በሁለቱ መሀል ነው፤ ቅጠሉ ቅጠል መሆኑ አይታወቅም፣ ከደጅ የመጣ አረንጓዴ መሆኑ ግን ይታወቃል።

ከሁሉ የበለጠ ያስደነቀኝ እንቅስቃሴውን የያዘበት መንገድ ነው። ካሜራው ሙሽራውን ተከትሎ በረድፉ ርዝመት ይጓዛል። ቅጂው ከሦስት እጥፍ በላይ ስለጎላ እንቅስቃሴውም በዚያው ልክ ይጎላል። ከፊት 100 ፒክስል የተንቀሳቀሰ ነገር ከኋላ ከ300 በላይ ይሄዳል። ካሜራው በእጅ ተይዞ ከሆነ እያንዳንዱ ትንሽ ንቅናቄ ከኋላ መናወጥ ይሆናል። ተመልካቹ ምን እንደረበሸው ሳያውቅ ይደክመዋል። ኤዲተሩ ባክግራውንዱን ከነጭራሹ አላስኬደውም። ከየቀረጻው አንድ ፍሬም መርጦ አቆመው፤ ፊት ለፊት ሰዎቹ ሲንቀሳቀሱ ኋላው ዝም ብሎ ይቆያል። ቀረጻው ሲቀየርም ከፊት ያለው ቪዲዮ በአንድ ጊዜ ይቆረጣል፤ ባክግራውንዱ ግን ግማሽ ሰከንድ ያህል ወስዶ ቀስ እያለ ወደ ቀጣዩ ቀለም ይሻገራል። ከዳስ ወደ ደጅ በሚወጣበት ቦታ ይህ በግልጽ ይታያል። ባክግራውንዱም እኩል ቢቆረጥ ኖሮ ጨለማ ክፍል ውስጥ ስልኩን የያዘ ሰው ሙሉ ስክሪን ብልጭ ይልበት ነበር።

ጠርዞቹን ደግሞ ስልኩን አቅርቤ አየኋቸው። ብለር የእያንዳንዱን ፒክስል ቀለም ከጎረቤቶቹ ጋር ያደባልቃል፤ የፍሬሙ ጫፍ ላይ ጎረቤት ስለሌለ የሚደባለቀው ከባዶው ጋር ነው፤ ዙሪያውን የጠቆረ ክፈፍ የሚወጣውም በዚህ ምክንያት ነው። ፕሪሚየር ላይ በGaussian Blur ሥር Repeat Edge Pixels የሚለውን ምልክት ማድረግ ወይም ቅጂውን ከፍሬሙ ትንሽ አስፍቶ ትርፉን ውጭ ማስቀረት ይፈታዋል። እዚህ ቪዲዮ ላይ አንድም ጥቁር ጫፍ የለም። ከፊት ያለው ቪዲዮ ከባክግራውንዱ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይም ነጭ ክፈፍ አላደረገም፤ በጣም የሳሳ ጥላ ብቻ አለ። ነጭ ክፈፍ ቢያደርግ ከቀሚሱ ጋር ይፎካከር ነበር። ቪዲዮውንም እኩል መሀል ላይ አልሰቀለውም። ከላይ 560፣ ከታች 752 ፒክስል ትቷል፤ ከታች በኩል የአካውንቱ ስምና ጽሑፉ ስለሚመጣ ለእነሱ የሚሆን ጸጥ ያለ ቦታ ተዘጋጅቷል።

ይህ ዘዴ የማይሠራበት ቦታም አለ። በቪዲዮው ላይ አስቀድሞ የተጻፈ ስም ወይም የጣቢያ አርማ ካለ በብለሩ ውስጥ የሚበራ ጭረት ይሆናል። ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ያለው ፊልምም መስመሩ አስቀድሞ ካልተቆረጠ ባክግራውንዱን ያበላሸዋል።

የመጨረሻው ነገር ቪዲዮው ወጥቶ ስልክ ላይ ሲጫን ብቻ የሚታይ ነው። የተለመደው ቪዲዮ በእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ብቻ አለው። ባክግራውንዱ ሲደበዝዝና ሲጨልም ከእነዚህ ውስጥ ጥቂቶቹ ብቻ ሰፊ ቦታ ላይ ይዘረጋሉ፤ በመሀላቸውም መስመር መስመር እየሆነ ደረጃ ይወጣል። ቪዲዮው በቴሌግራምና በቲክቶክ ሲጨመቅ ይህ ይብሳል፤ በተለይ ከላይ ያለው ጨለማ ክፍል ላይ ቁርጥራጭ ሣጥኖች ይታያሉ። መፍትሔው ባክግራውንዱ ላይ ብቻ እጅግ ቀጭን ኖይዝ መጨመር ነው፤ ፍንጥርጥሩ የደረጃዎቹን ጠርዝ ይበትነዋል። ኤዲተሩ ጨምሯል። ብርሃኑን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርጌ መጋረጃው ከቡናማ ወደ ጥቁር በሚሄድበት የላይኛው ጥግ ላይ መስመር ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። በጣም ሲቀርብ ከአቧራ የቀጠነ ፍንጥርጥር ብቻ አለ፤ ሽማግሌዎቹ ያሉበት ቪዲዮ ላይ ግን እሱም የለም፤ ፊታቸው እንደተቀረጸ ጥርት ብሎ ይታያል።