አራት ቶከን ለኒሯቅ

የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚለቀቅበትን ቀን የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። በ2015 ዓ.ም. ፈተናውን የወሰዱት ከ845 ሺህ በላይ ነበሩ። እያንዳንዳቸው በመጀመሪያው ሰዓት አምስት ጊዜ ብቻ ቢሞክሩ በሰከንድ በአማካይ 1,170 ገደማ ሪኩዌስት ይደርሳል። ሰው ግን በአማካይ ተከፋፍሎ አይመጣም፤ ወሬው እንደተሰማ ተጋፍቶ ነው የሚመጣው። በሲስተም ዲዛይን ቃለ መጠይቅ ላይ ሬት ሊሚተር እንዲነደፍ ስጠይቅ እንዲህ ያለ ገጽ የማነሳው ለዚህ ነው። ጥያቄው አጭር ነው፦ አንድ ተማሪ በደቂቃ ከ10 ጊዜ በላይ ውጤት መጠየቅ እንዳይችል ይደረግ። ከዚያ አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ ተማሪው ያለው ኒሯቅ ነው።

ኒሯቅ በዋግ ኽምራ የአበርገሌ ወረዳ ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ቦታ ያለ ስልክ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ኔትወርክ እንደማያገኝ መገመት አያዳግትም። ተማሪው «ፈልግ» የሚለውን ይነካል፤ ሪኩዌስቱ ሰርቨሩ ጋ ይደርሳል፣ ይቆጠራል፣ መልሱ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ልጁ ምንም ስላላየ ደጋግሞ ይነካል። ሰርቨሩ ሦስት ጊዜ አስተናግጄዋለሁ ሲል ልጁ አንዴም አልተስተናገድኩም ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አብዛኛው አመልካች ይህን ሳይሰማ አልፎ በቀጥታ ወደ አልጎሪዝሙ ይሮጣል።

የመጀመሪያው ሐሳብ ሁልጊዜ ያው ነው፦ በየደቂቃው ቆጣሪ ከፍቶ 10 ሲሞላ መዝጋት። ጉድለቱ የሚታየው ደቂቃው በሚዞርበት ቦታ ነው። ከጠዋቱ 3:00:59 ላይ አሥር፣ 3:01:00 ላይ ሌላ አሥር ቢላክ ቆጣሪው በሁለቱም ደቂቃ ሕግ እንደተከበረ ይመሰክራል፤ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ግን ሃያ አልፏል። የእያንዳንዱን ሪኩዌስት ሰዓት መዝግቦ መያዝ ስሕተቱን ፈጽሞ ያጠፋዋል። ዋጋው ግን ለእያንዳንዱ ተማሪ ሙሉ ዝርዝር መያዝ ነው።

ስላይዲንግ ዊንዶው ካውንተር እዚህ ላይ ነው የሚገባው፣ እኔም መጀመሪያ ሳየው የወደድኩት በቁጥብነቱ ነው። ሁለት ቁጥር ብቻ ይይዛል፦ ያለፈው ደቂቃ ድምርና የዚህኛው ደቂቃ ድምር። ያለፈው ደቂቃ 8፣ የአሁኑ 3 ነው እንበል፤ ከአሁኑ ደቂቃ 15 ሰከንድ አልፏል። ወደ ኋላ ስልሳ ሰከንድ ብንቆጥር ካለፈው ደቂቃ ውስጥ የሚገባው ሦስት አራተኛው ነው። ስለዚህ 8 × 0.75 + 3 = 9። ይለፍ። የአሁኑ 4 ይሆናል፤ ወዲያው የሚከተለው ግምቱ 10 ላይ ስለደረሰ ይመለሳል። ዝርዝር የለም፣ የሚጸዳ ነገር የለም፣ አንድ ማባዛትና አንድ መደመር ብቻ።

ነገር ግን ያ 0.75 አንድ እምነት ተሸክሟል፦ ያለፈው ደቂቃ ስምንት ሪኩዌስቶች በስልሳው ሰከንድ ላይ እኩል ተበትነዋል የሚል እምነት። ስምንቱም በመጨረሻዎቹ አምስት ሰከንዶች መጥተው ከሆነ እውነተኛው ድምር 11 ነበር፣ ገደቡ ታልፏል፣ እኛ ግን 9 ብለን አሳልፈናል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ሰከንዶች መጥተው ከሆነ ደግሞ እውነተኛው 3 ብቻ ሆኖ ሳለ 9 እንደተጠቀመ አድርገን ልጁን ልንመልሰው ምንም አልቀረንም። ኔትወርክ ብቅ ሲል አከታትሎ የሚነካ፣ ሲጠፋ ዝም የሚል ስልክ ይህን እምነት የሚያፈርሰው በአጋጣሚ አይደለም፤ ባሕርዩ ነው።

ክላውድፍሌር በ2017 (በፈረንጆቹ) ይህንኑ ዘዴ ሲያስተዋውቅ ከ270 ሺህ የተለያዩ ምንጮች የመጡ 400 ሚሊዮን ሪኩዌስቶችን መርምሮ በስሕተት የታለፉት ወይም የታገዱት 0.003 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ገልጿል። አመልካቾች ይህን ቁጥር ይጠቅሳሉ፣ ትክክልም ነው። እኔ የምጠብቀው ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ጥርጣሬ ነው፦ የእነሱ ምርመራ በብዙ ምንጮች ላይ የተሠራ አማካይ ነው፣ በአንድ ስልክ አሥር ንክኪ ላይ የሚሠራ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ቶከን ባኬት ከሌላ አቅጣጫ ይነሳል። ባልዲው የተወሰነ ቶከን ይይዛል፣ በቋሚ ፍጥነት ይሞላል፣ እያንዳንዱ ሪኩዌስት አንድ ቶከን ይወስዳል፣ ባዶ ከሆነ ይመለሳል። ጀማሪ ይህን ሲሰማ በየሰከንዱ 845 ሺህ ባልዲ እየዞረ የሚሞላ ፕሮግራም ይስላል። የዕደ ጥበቡ ውበት እዚህ ላይ ነው፦ የሚሞላ ማንም የለም። የሚቀመጠው ያለው ቶከንና መጨረሻ የታየበት ሰዓት ብቻ ነው። ሪኩዌስት ሲመጣ ያለፈው ጊዜ በፍጥነቱ ተባዝቶ ይጨመራል፣ ከጣሪያው እንዳያልፍ ይቆረጣል። ማንም ያልጠየቀው ባልዲ ሥራ አያስነሳም።

ልኬቱ ላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። «በደቂቃ 10» ሲባል ጣሪያውን 10፣ ፍጥነቱን በደቂቃ 10 የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። ባልዲው ሞልቶ ከጠበቀ አሥሩ በአንዴ ይሄዳሉ፣ በዚያው ደቂቃ ሌላ አሥር ይሞላል፤ ከሸሸነው ሃያ ጋር እንደገና ተገናኘን። በማንኛውም ስልሳ ሰከንድ ሊያልፍ የሚችለው ጣሪያው ሲደመር በደቂቃው የሚሞላው ነው። ስለዚህ 10ን ማካፈል ያስፈልጋል፦ ጣሪያ 4፣ በየ10 ሰከንዱ አንድ ቶከን። አራት ሲደመር ስድስት፣ አሥር። አራቱ መልስ መንገድ ላይ ለሚጠፋበት ልጅ መዳከሪያ ናቸው፤ ስድስቱ መደበኛ ድርሻው።

የኒሯቁን ልጅ እንከተል። ኔትወርክ 3:00:58 ላይ መጣ፣ ባልዲው ሙሉ ነው። በ58፣ በ59፣ በ00 እና በ01 ሰከንድ አራት ጊዜ ነካ። ቶከኑ 3፣ ከዚያ 2.1፣ ከዚያ 1.2፣ ከዚያ 0.3 ሆነ። ደቂቃው መሃል ላይ ዞሯል፤ ለባልዲው ግን ደቂቃ የሚባል ነገር ስለሌለ ምንም አልተፈጠረም። አምስተኛው 3:01:02 ላይ ሲመጣ 0.4 አለ፣ ይመለሳል። የጎደለው 0.6 ነው፣ በሰከንድ 0.1 ሲሞላ ስድስት ሰከንድ። ሰርቨሩ ከ429 ጋር `Retry-After: 6` ብሎ እቅጩን መንገር ይችላል፣ ገጹም ቁልፉን ዘግቶ ራሱ ወደ ታች ይቆጥራል። በስላይዲንግ ካውንተርም የመጠበቂያ ጊዜ ይሰላል፣ ነገር ግን ከግምት ላይ የተሰላ ሌላ ግምት ነው።

ሥራው እንዲህ ይጻፋል፦

```lua
local t = redis.call('TIME')
local now = t[1] + t[2] / 1000000
local b = redis.call('HMGET', KEYS[1], 'n', 'ts')
local n = tonumber(b[1]) or 4
local ts = tonumber(b[2]) or now
n = math.min(4, n + (now - ts) * 0.1)
local ok = n >= 1
if ok then n = n - 1 end
redis.call('HSET', KEYS[1], 'n', n, 'ts', now)
redis.call('EXPIRE', KEYS[1], 40)
return ok and 0 or math.ceil((1 - n) / 0.1)
```

ሦስት ቦታ ላይ ጣቴን አኖራለሁ። ይህ በሬዲስ ውስጥ እንደ አንድ ሥራ የሚሄድ ስክሪፕት ነው፤ ማንበቡና መጻፉ ቢለያይ ሁለት ሰርቨሮች ያንኑ የመጨረሻ ቶከን አይተው ሁለቱም ያሳልፋሉ። ሰዓቱም ከሬዲስ ይወሰዳል፣ ምክንያቱም የሰርቨሮቹ ሰዓት እርስ በርስ ላይገጥም ይችላል። 40 ሰከንዱ ደግሞ የምወደው ነው፦ ባዶ ባልዲ በ40 ሰከንድ ይሞላል፣ ስለዚህ ለ40 ሰከንድ ያልተነካን ተማሪ መዝገቡን መሰረዝ ከሙሉ ባልዲ ጋር አንድ ነው። መርሳት እዚህ ምንም አያጎድልም።

አሁን `n`ን ወደ ሙሉ ቁጥር የሚያወርድ ሰው አለ እንበል፤ «ቶከን ግማሽ አይሆንም» ብሎ። ልጁ በየሰከንዱ ሲነካ የተጨመረው 0.1 ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ `ts` ግን ወደ አሁን ይገፋል። የተጠራቀመው ተጣለ፣ ሰዓቱም ተረሳ። በሚቀጥለው ሰከንድ ያው ይደገማል። እየነካ እስካለ ድረስ አንድም ቶከን አያገኝም፤ ተስፋ ቆርጦ አሥር ሰከንድ የተወው ሰው ግን ወዲያው ያልፋል። ምልክቱም ይኸው ነው፦ የሚጣደፉት ጨርሶ አይገቡም፣ የሚዘገዩት ይገባሉ። በጥሩ ኔትወርክ ላይ ቀስ ብሎ የሚሞክር ሠራተኛ ይህን ስሕተት አያየውም። ኮዱን ሲያነብ እዚህ መስመር ላይ የሚቆም አመልካች ካጋጠመኝ ቀሪውን ሰዓት በደስታ ነው የማሳልፈው።

የቀረው ባልዲው የማን ነው የሚለው ነው። በአይፒ አድራሻ ልገድብ የሚል አመልካች የሞባይል ኔትወርክ ብዙ ስልኮችን በአንድ አድራሻ እንደሚያወጣ ይረሳል፤ በደቂቃ 10 የተባለው ለአንድ ሰው ነበር፣ ለአንድ ከተማ ሊሆን ነው። በአድሚሽን ነምበር ብቻ ከተገደበ ደግሞ የሌላውን ቁጥር የያዘ ሰው ቶከኖቹን ሊያቃጥልበት ይችላል። ስለዚህ ባልዲው ለአድሚሽን ነምበሩና ለስልኩ ሴሽን በጋራ ይከፈት። አዲስ ሴሽን እየከፈተ ወይም ቁጥሮችን በተርታ እየሞከረ የሚያወርድን ለመያዝ ግን በአይፒ ላይ ሰፊ ገደብ ያስፈልጋል፣ ለምሳሌ በደቂቃ ብዙ ሺህ። እዚህ ላይ ስላይዲንግ ካውንተሩን እመልሰዋለሁ። ከአንድ አድራሻ የሚወጡ የብዙ ሰዎች ንክኪዎች ሲደባለቁ በደቂቃው ላይ ተበትነው ይገኛሉ፤ ለአንድ ልጅ ሐሰት የነበረው እምነት ለብዙዎች በቂ እውነት ይሆናል።

ሬዲስ ቢወድቅስ? ማገድ ማለት በውጤት ቀን ሁሉንም ማገድ ነው። እኔ ማሳለፍን እመርጣለሁ፦ እያንዳንዱ ሰርቨር በራሱ ሜሞሪ ውስጥ ሻካራ ጠቅላላ ገደብ ይዞ፣ ዳታቤዙ ሊሸከም ከሚችለው በሰርቨሮቹ ብዛት የተካፈለውን ድርሻ ብቻ ያስገባል። ያን ጊዜ ሕጉ ስለ አንድ ተማሪ ምንም አያውቅም፤ ገጹ ቆሞ እንዲቆይ ብቻ ይሠራል።